«9 ግራም ብቻ ነው ያለው!» የስንቱ?

ባለፈው ቅዳሜ ሲኤምሲ አካባቢ አንድ ሱፐርማርኬት ውስጥ ከጎረቤቴ ጋር ብስኩት እንመርጥ ነበር። የሰባት ዓመት ልጇ ትምህርት ቤት ይዞት የሚሄደውን ነው የምትፈልገው። በአንድ እጇ ከአሜሪካ የመጣ፣ በሌላው ከአውሮፓ የመጣ ፓኬት ይዛ ጀርባቸውን እያገላበጠች ታነባለች። «ይሄኛው 9 ግራም ስኳር ነው ያለው፣ ያኛው 28! እንዴት እንዲህ ይራራቃል?» አለችኝና ባለ 28ቱን ወደ መደርደሪያው መለሰችው።

የመለሰችው ግን ስኳሩ የሚያንሰውን ነው።

የአሜሪካው ፓኬት 9 ግራም የሚለው ስለ 30 ግራም ብስኩት ነው፤ ሦስት ፍሬ ማለት ነው። የአውሮፓው 28 የሚለው ስለ 100 ግራም ነው። ሁለቱን በአንድ ሚዛን ለማስቀመጥ 9ኙን በ100 አባዝቶ ለ30 ማካፈል ይበቃል፤ 30 ይመጣል። እንግዲህ በ100 ግራም አንዱ 30፣ ሌላው 28 ግራም ስኳር አለው። ሠንጠረዦቹ አልዋሹም፣ ጎረቤቴም በደንብ ታነባለች። የቀረው አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፦ የስንቱ?

ይህ ጥያቄ የትም ቦታ ያስፈልጋል፤ ከቦሌ መድኃኔዓለም ጀምሮ በገርጂ፣ በመገናኛ፣ በሰሚትና በሲኤምሲ በኩል እስከ አያት ድረስ ባለው ሰፈር ግን ይብሳል። እዚህ አንድ መደርደሪያ ላይ የአገር ውስጥ ብስኩት፣ የቱርክ ቸኮሌት፣ የዱባይ ጁስ፣ የአውሮፓ እርጎና የአሜሪካ ቁርስ እህል ጎን ለጎን ይደረደራሉ። በሻንጣ ከውጭ የመጣውም ሲጨመር እያንዳንዱ ዕቃ የመጣበትን አገር የአጻጻፍ ሕግ ይዞ ነው የሚመጣው። እዚህ አገር የምግብን ጥራትና ደኅንነት የመቆጣጠር ሥልጣን በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 የተሰጠው ለኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው፤ ፓኬቱን እጅ ላይ ይዞ መደርደሪያው ፊት የሚቆመው ግን ገዢው ነው። ስለዚህ በየቤቱ ደጋግሜ የምሰማቸውን የተሳሳቱ አመለካከቶች አንድ በአንድ ላንሣ።

«ሰርቪንግ ሳይዝ ማለት መብላት ያለብን መጠን ነው»

አይደለም። ብዙ ሰው ይህን መስመር የሐኪም ትእዛዝ አድርጎ ነው የሚያየው፤ «ሦስት ፍሬ ብሉ ይላል» የሚሉኝ አሉ። በአሜሪካ ሕግ ሰርቪንግ ሳይዝ የሚወሰነው ሰዎች በአንድ ጊዜ ስንት እንደሚበሉ ታይቶ ነው እንጂ ስንት ቢበሉ ይሻላል ተብሎ አይደለም። ለዚህ ነው እ.ኤ.አ. በ2016 ሠንጠረዡ ሲሻሻል የአይስክሬሙና የለስላሳው መጠን ከፍ የተደረገው፤ ሰዉ የሚበላውና የሚጠጣው ስለጨመረ ማለት ነው። ለብስኩት መነሻው 30 ግራም ነው።

አሁን የጎረቤቴን ፓኬት እንመልከት። ከሠንጠረዡ አናት ላይ፣ ከካሎሪው በላይ ሁለት መስመር አለ። አንደኛው ፓኬቱ 5 ሰርቪንግ እንደያዘ ይናገራል፤ ሁለተኛው አንዱ ሰርቪንግ 3 ብስኩት ወይም 30 ግራም እንደሆነ ይናገራል። አምስት ጊዜ 30 ሲባል 150 ግራም፣ የሙሉው ፓኬት ክብደት ነው። ከዚህ በታች ያለው ቁጥር በሙሉ፣ ካሎሪውም ስቡም ጨዉም ስኳሩም፣ የሦስቱ ብስኩት ብቻ ነው።

ልጇ ሦስት ብስኩት በልቶ ይቆማል ወይ ስላት «ግማሹን ነው የምቋጥርለት፤ ባዶውን ነው የሚመልሰው» አለችኝ። ግማሹ 75 ግራም ነው፣ ሁለት ሰርቪንግ ተኩል። ዘጠኝን በሁለት ተኩል ስናባዛ 22 ተኩል ግራም ስኳር ይሆናል። አንድ ያልተቆለለ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ያህል ይመዝናል። ልጁ ለመክሰስ የሚበላው ብስኩት ውስጥ ያለው ስኳር ስለዚህ ከአምስት ማንኪያ ይበልጣል። ሻዩ ውስጥ አምስት ማንኪያ ስጨምርለት ብታየኝ እጄን ትይዘው ነበር።

በአንዳንድ የአሜሪካ ማሸጊያ ላይ ሁለት ዓምድ ጎን ለጎን ይታያል፤ አንዱ የሰርቪንጉ፣ ሌላው የሙሉው ፓኬት ነው። ያ ዓይነቱ ከተገኘ ማባዛቱ ይቀራል። የአውሮፓው፣ የብዙዎቹ የቱርክና የባሕረ ሰላጤው አገሮች ምርቶች ደግሞ በ100 ግራም ወይም በ100 ሚሊ ሊትር ይጽፋሉ፤ አንዳንዶቹ ከጎኑ የሰርቪንጉን ይጨምራሉ።

ሁለት ዕቃ ለማወዳደር የ100 ግራሙን ዓምድ የሚያህል የለም። የእንግሊዝ የቀለም ምልክት የሚከተለውን መስፈርት እኔ በቃሌ ይዤዋለሁ፦ በ100 ግራም ምግብ ውስጥ ስኳሩ ከ22 ተኩል ግራም ከበለጠ ከፍተኛ ነው፤ 5 ግራምና ከዚያ በታች ከሆነ ዝቅተኛ ነው። በእጃችን ያሉት ሁለቱም ብስኩቶች ከላይኛው ወሰን አልፈዋል፤ ክርክራችን ከሁለት ከፍተኛ የቱ ይሻላል የሚል ነበር ማለት ነው።

መጠጥ ላይ ግን ይኸው ዓምድ ያዘናጋል። የተለመደ ኮላ በ100 ሚሊ ሊትር 10 ግራም ተኩል ያህል ስኳር አለው። ቁጥሩ ከብስኩቱ ጋር ሲተያይ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን 100 ሚሊ ሊትር ለስላሳ ማን ይጠጣል? የግማሽ ሊትሩ ፕላስቲክ በአንድ ምሳ ያልቃል፤ በአምስት ሲባዛ ከ50 ግራም ያልፋል፣ ከ12 የሻይ ማንኪያ በላይ። ስለዚህ ለማወዳደር 100ውን፣ ሆዴ ስንት ገባ ለማለት ግን የጠጣሁትን መጠን ነው የምይዘው።

«18 በመቶ ነው የሚለው፤ መቶ አልሞላ፣ ምን ችግር አለው?»

የአሜሪካው ብስኩት የተጨመረ ስኳር በሚለው መስመር ጫፍ 18% ተጽፎበታል። አንዳንዱ ይህን የብስኩቱ 18 በመቶ ስኳር ነው ብሎ ይረዳዋል። ስኳሩ ከብስኩቱ ክብደት 30 በመቶ እንደሆነ ከላይ አስልተናል፤ ስለዚህ 18ቱ የሌላ ነገር ነው። «ደይሊ ቫልዩ» የሚባለው አንድ ሰው በቀን ውስጥ ከሚበላውና ከሚጠጣው ሁሉ ሊያልፈው የማይገባ የስኳር ወሰን ነው፤ በአሜሪካ 50 ግራም ተደርጓል። ዘጠኝ ግራም የ50 ግራም 18 በመቶ ነው። ሦስት ብስኩት የቀኑን ወሰን አምስተኛ ሊሞላ ትንሽ ቀረው፤ ግማሽ ፓኬቱ ደግሞ 45 በመቶውን ወሰደ።

የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ራሱ የሚሰጠው ቀላል መለኪያ አለ፦ 5 በመቶና ከዚያ በታች ዝቅተኛ፣ 20 በመቶና ከዚያ በላይ ከፍተኛ። ይህም የሚሠራው ለአንድ ሰርቪንግ ነው። 18 በመቶ «ከፍተኛ» ከሚባለው በጥቂት ያነሰ የሚመስለው ሦስት ብስኩት ላይ ስለቆመ ነው።

እዚህ ላይ የቦሌ መደርደሪያ ብቻ የሚያሳየን ነገር አለ። ያው 9 ግራም ስኳር የአውሮፓ ፓኬት ላይ ቢጻፍ 10 በመቶ ነው የሚባለው። ስኳሩ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የሚካፈልበት ቁጥር ነው። አውሮፓውያኑ የሚያካፍሉት ለ90 ግራም ነው፤ ምክንያቱም እነሱ የሚቆጥሩት የወተቱንም፣ የፍራፍሬውንም፣ የተጨመረውንም ስኳር በአንድ ላይ ደምረው ነው። አሜሪካኖቹ ለ50 የሚያካፍሉት የተጨመረውን ብቻ ለይተው ነው። ስለዚህ የአንዱን አገር መቶኛ ከሌላው አገር መቶኛ ጋር ማወዳደር አይቻልም። አንዲት እናት «ይሄኛው 10፣ ያኛው 18» ብላ ብትመርጥ ሁለቱም እኩል ሊሆኑ ይችላሉ።

ሌላም አለ። እነዚህ መቶኛዎች የታሰቡት በቀን 2,000 ካሎሪ ለሚበላ ሰው ነው። በአሜሪካው ሕግ ከአራት ዓመት ጀምሮ ያለ ልጅ እንደ ትልቅ ሰው በዚሁ ቁጥር ይሰላል፤ ከ1 እስከ 3 ዓመት ላሉት ግን የተለየ ወሰን አለ፣ እሱም 25 ግራም ነው። ስለዚህ ያው ፓኬት በሦስት ዓመት ልጅ እጅ ሲገባ 18 በመቶው 36 ይሆናል፤ ማሸጊያው ግን ይህን አይነግረንም። የአሜሪካ የልብ ማኅበር ደግሞ ከ2 እስከ 18 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን ከ25 ግራም የተጨመረ ስኳር በታች እንዲወስዱ ይመክራል። በዚህ ከሄድን የጎረቤቴ ልጅ በመክሰስ ሰዓት ብቻ የቀኑን 90 በመቶ ጨርሷል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው መመሪያም ስኳር ከቀኑ ካሎሪ ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን፣ ቢቻል ወደ 5 በመቶ እንዲወርድ ይላል፤ ለ2,000 ካሎሪ ሲሰላ 50 እና 25 ግራም ማለት ነው።

«ስኳር አልተጨመረበትም»፣ «በማር የተሠራ ነው»፣ «የጾም ነው»

ፊት ለፊት በትልቁ የሚጻፈው ሻጩ የሚፈልገው ነው። እኔ ፓኬቱን ገልብጬ በትንንሽ ፊደል የተጻፈውን የግብዓት ዝርዝር ነው የምፈልገው። ዝርዝሩ ጥብቅ ሥርዓት አለው፦ በክብደት ብዙ የገባው መጀመሪያ፣ ጥቂት የገባው መጨረሻ ይጻፋል። ስኳር በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ተራ ላይ ከታየ ገና ሠንጠረዡን ሳናይ ብዙ ነገር ተነግሮናል።

ችግሩ ስኳር በአንድ ስም ብቻ አለመጠራቱ ነው። ግሉኮስ ሲረፕ፣ ዴክስትሮስ፣ ፍሩክቶስ፣ ሱክሮስ፣ ኢንቨርት ሲረፕ፣ የበቆሎ ሲረፕ፣ እንዲወፍር የተደረገ የፍራፍሬ ጭማቂ፣ ማር፤ ሁሉም ስኳር ናቸው። በእንግሊዝኛው «ኦስ» በሚል ድምፅ የሚያልቅ ወይም «ሲረፕ» የሚል ቃል ካየሁ ጣቴን አሳርፋለሁ። አንድ ብስኩት ዱቄት፣ የአትክልት ቅባት፣ ስኳር፣ ግሉኮስ ሲረፕ፣ ኢንቨርት ሲረፕ ብሎ ቢዘረዝር ስኳሩ ሦስተኛ ይመስላል፤ ሦስቱ ቢደመሩ ግን ከቅባቱ በልጠው ሁለተኛ ሊወጡ ይችላሉ። ተከፋፍለው ስለገቡ ነው ወደ ታች የወረዱት።

ማርን በተመለከተ ብዙ ሰው ሲቀየመኝ አያለሁ፤ ማር በቤታችን መድኃኒትም ክብርም ነው። ነገር ግን ከአምስት እጅ አራቱ ስኳር ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ብስኩትና ቁርስ እህል ውስጥ የገባ ማርን ከነጭ ስኳር ጋር ነው የሚቆጥረው። «የጾም» የሚለውም የሚነግረን ቅቤ፣ ወተትና እንቁላል እንደሌለው ብቻ ነው። በዐቢይ ጾም የሚወጡት የጾም ኬኮችና ብስኩቶች ከእንስሳት ተዋፅኦ ነጻ ናቸው፤ ከስኳር ግን ማንም ነጻ ናቸው አላለም።

ጁስ ላይ ትንሽ ልቆይ። «ስኳር አልተጨመረበትም» የሚለው የካርቶን ጁስ እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ የአሜሪካው ሠንጠረዥም የተጨመረ ስኳር 0 ብሎ ይጽፍለታል። ግን ንጹሕ የብርቱካን ጭማቂ በ100 ሚሊ ሊትር ወደ 10 ግራም የሚጠጋ ስኳር በተፈጥሮው አለው፤ ከኮላው ብዙም አይርቅም። ፍሬው ሲበላ ስኳሩ ከቃጫው ጋር ቀስ ብሎ ነው የሚገባው፤ ሲጨመቅ ግን ቃጫው በአብዛኛው ቀርቶ የሦስት አራት ብርቱካን ስኳር በአንድ ብርጭቆ ይጠጣል። ለዚህ ነው የዓለም ጤና ድርጅት የጭማቂን ስኳር እንደ ተጨመረ የሚቆጥረው። 250 ሚሊ ሊትር የሚይዝ አንድ ብርጭቆ ብቻውን 25 ግራም ይጠጋል። ስለዚህ ጁስ ላይ «የተጨመረ» የሚለውን መስመር ትቼ ጠቅላላ ስኳር የሚለውን ነው የማየው።

ወተትና እርጎ ላይ ነገሩ ይገለበጣል፤ እዚህ ጠቅላላው ነው የሚያስደነግጠው። ምንም ያልተጨመረበት እርጎ እንኳ በ100 ግራም ከ4 እስከ 5 ግራም ስኳር ይጻፍበታል፤ የወተቱ የራሱ ስኳር ነው፣ የሚያሳስብ አይደለም። የተጨመረውን ለይቶ የማይጽፍ የአውሮፓ ወይም የአገር ውስጥ የእንጆሪ እርጎ ሲያጋጥመኝ የማደርገው ይህን ነው፦ በ100 ግራም 13 ግራም ካለ 5ቱን ለወተቱ እተውለታለሁ። ቀሪው 8 ግራም ተጨምሮ የገባ ነው፤ ጥቂቱ ከፍሬው ሊሆን ይችላል። ኩባያው 150 ግራም ከሆነ 8ን በአንድ ተኩል አባዝቼ 12 ግራም አገኛለሁ፤ ሦስት የሻይ ማንኪያ። ተራውን እርጎ ገዝቶ ቤት ውስጥ ሙዝ ቆራርጦ መጨመር ለዚህ ነው የምመርጠው።

«ስኳር የለውም፤ ለአባባ ይሆናል»

በአማርኛችን በሽታውንም የሚጣፍጠውንም ነገር በአንድ ቃል «ስኳር» ብለን ስለምንጠራ ይህ ስሕተት ሥር ሰዷል። አባት ወይም እናት ስኳር አለባቸው ከተባለ ልጆች መጀመሪያ የሚገዙት «ስኳር የሌለው» የሚል ብስኩት ነው። ውድ ነው፤ በፍቅር ነው የሚገዛው። አንድ ጋሼ የምላቸው የሰሚት ጎረቤቴ ይህን ብስኩት ከሻይ ጋር ሰባት ስምንት እየበሉ፣ የጠዋት ስኳራቸው ለምን እንደማይወርድ ግራ ገብቷቸው ፓኬቱን ይዘውልኝ መጡ።

ሠንጠረዡን አብረን አየነው። ስኳር 0 ግራም ይላል። ከሱ ከፍ ብሎ ያለው ካርቦሃይድሬት የሚለው መስመር ግን ለ30 ግራም ብስኩት 21 ግራም ይላል። ከዚያ ቤታቸው ያለውን ተራ ብስኩት አመጣን፤ ለ30 ግራም 22 ግራም ካርቦሃይድሬት። ልዩነቱ አንድ ግራም። ዱቄቱ ሆድ ውስጥ ሲፈጭ ወደ ግሉኮስ ነው የሚለወጠው፤ ሰውነት ከስኳር ማሰሮ ይምጣ ከስንዴ ዱቄት አይጠይቅም። ጋሼ ሰባት ብስኩት ሲበሉ ወደ 50 ግራም የሚጠጋ ካርቦሃይድሬት ነበር የሚገባው፤ «የለውም» በሚል ስም።

ስኳር ያለበት ሰው ስለዚህ የካርቦሃይድሬቱን መስመር ነው በመጀመሪያ ማየት ያለበት። እዚህም የአገሮቹ ሕግ ይለያያል፦ አሜሪካኖቹ ካርቦሃይድሬት ሲሉ ቃጫውን ጨምረው ነው፤ አውሮፓውያኑ ቃጫውን አውጥተው ለብቻው ይጽፋሉ። ቃጫ ብዙ ያለው የአሜሪካ ዳቦ ከእውነቱ የባሰ ሊመስል ይችላል። ማልቶዴክስትሪን የሚባለውም ግብዓት አብዛኛው በስኳር መስመር ላይ አይቆጠርም፤ በካርቦሃይድሬት ውስጥ ነው የሚደበቀው፣ ደም ውስጥ የሚገባው ግን ፈጥኖ ነው። ማጣፈጫው ማልቲቶል ከሆነ ደግሞ በዛ ተደርጎ ሲበላ ሆድ ይነፋል፣ ያስቀምጣል። ጋሼ ይህን ሲሰሙ ፈገግ ብለው ምንም አላሉም።

አንድ ነገር ግን በአጽንዖት እላለሁ። ኢንሱሊን ወይም ስኳር የሚያወርድ ኪኒን የሚወስድ ሰው ስኳሩ ወርዶ ላብ ሲያጠምቀውና ሲንቀጠቀጥ «ዜሮ» የሚል ለስላሳ ቢሰጠው አይነሣም፤ ውስጡ የሚያነሣው ነገር የለም። ያን ጊዜ የሚያስፈልገው 15 ግራም ያህል እውነተኛ ስኳር ነው፤ ከተራው ኮላ 150 ሚሊ ሊትር ወይም ግማሽ የቡና ቤት ጠርሙስ ያህል። ራሱን ለሳተ ሰው ግን በአፍ ምንም አይሰጥም፤ ወደ ጤና ተቋም ነው የሚወሰደው። ጋሼ ቤት ፍሪጅ ውስጥ የነበሩት ሁለቱም ጠርሙሶች ዜሮ ነበሩ፤ አንዱን በዚያው ቀን ለወጥነው።

«ለሕፃን የተሠራ ምግብ ውስጥ ስኳር አይገባም»

ይህኛው ከሁሉም በላይ ያሳስበኛል። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ፐብሊክ አይ የተባለው የስዊዘርላንድ ድርጅት፣ የሕፃናት ምግብን ከሚከታተለው ዓለም አቀፍ መረብ ጋር ሆኖ ኔስሌ በተለያዩ አገሮች የሚሸጣቸውን የሕፃናት ምግቦች መርምሮ ውጤቱን አወጣ። ከስድስት ወር ጀምሮ ለሚመገቡ ሕፃናት የሚሸጠው የስንዴ ሴሬላክ በጀርመንና በእንግሊዝ ስኳር ሳይጨመርበት ሲሸጥ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ በአንድ ሰርቪንግ ከ5 ግራም በላይ የተጨመረ ስኳር ተገኝቶበታል። ኩባንያው በበኩሉ ባለፉት አሥር ዓመታት በሕፃናት የእህል ምግቦቹ ውስጥ የሚጨምረውን ስኳር በዓለም ደረጃ 11 በመቶ እንደቀነሰና የምግቡ ቅንብር እንደየአገሩ ደንብ እንደሚለያይ ተናግሯል። የአሜሪካ የአመጋገብ መመሪያ ሁለት ዓመት ላልሞላው ልጅ የተጨመረ ስኳር ጭራሽ እንዳይሰጥ ነው የሚመክረው፤ አንድ ማንኪያ ይበቃል የሚል ወሰን እንኳ የለውም። ምክንያቱም የሕፃኑ ሆድ ትንሽ ነው፤ በስኳር የሞላው ቦታ ለብረትና ለፕሮቲን አይተርፍም። በዚያ ዕድሜ የለመደው ጣፋጭም አብሮት ያድጋል።

የሕፃን ምግብ ጣሳ ሲነበብ ከላይ ያልነው ሁሉ አንድ ላይ ይመጣል። ፊት ለፊት ቫይታሚንና ብረት በትልቁ ተጽፏል፤ እውነት ነው፣ ገብቶበታል። ሠንጠረዡ ላይ ስኳር የሚለው ቁጥር ግን የዱቄት ወተቱንም ስኳር ስለሚጨምር ብቻውን አይፈርድም። ወሳኙ የግብዓት ዝርዝሩ ነው፤ ከስንዴ ዱቄቱና ከወተቱ ቀጥሎ ስኳር፣ ሱክሮስ ወይም ማር የሚል ቃል አለ ወይስ የለም? አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር በሌላም ምክንያት አይሰጥም፤ ቦቱሊዝም የሚባል አደገኛ መመረዝ ሊያመጣበት ይችላል።

ጎረቤቴ ብስኩቱን ከጨረስን በኋላ ለሰባት ወር ሴት ልጇ ጣሳ ልትወስድ ወደዚያው መደርደሪያ ሄደች። የዋጋው ወረቀት በትክክል የግብዓት ዝርዝሩ ላይ ነው የተለጠፈው። በጥፍሯ ጥጉን ይዛ ቀስ እያለች ላጠችው፤ ግማሹ ተቀዶ ቀረ፣ ግማሹ ተነሣ። ከሥሩ ሦስተኛው ቃል ስኳር ነበር። ከጎኑ ሌላ ጣሳ ነበረ፤ የሩዝ ነው፣ ዝርዝሩ ውስጥ ስኳር የለም፣ ዋጋው ግን ከመጀመሪያው በጣም ይበልጣል። ሁለቱንም ይዛ ትንሽ ቆመች። ከዚያ ሁለቱንም መልሳ «እናቴ የምትልክልኝ የአጃ ዱቄት አለ አይደል፤ በወተት አድርጌ ብሰጣት?» ብላ ጠየቀችኝ። እንቁላልና አቮካዶም እያፈራረቀች ትስጣት፣ ስኳር ግን አትጨምርበት፣ የጤና ኬላዋን ባለሙያም ስለ ብረቱ ትጠይቅ አልኳት። ለብስኩቱ ባለ 28ቱን ወሰድን፣ ለቋጠሮውም ሦስት ፍሬ ብቻ ከአንድ ሙዝ ጋር ተስማማን።